የዝምታዬ ምክንያት አንዲት ኢንቮይስ ናት

ውድ እህቴ፣

«ያ ደንበኛ ከፈለሽ?» ብለሽ ከላክሽልኝ ስምንት ወር አለፈው። መልእክቱን አይቼዋለሁ። ያልመለስኩት አፍሬ ነው። «የመጨረሻው ክፍያ ሳይገባ ሶርስ ፋይሉን እንዳትሰጪ» ብለሽኝ ነበር። ሰውየው «ማተሚያ ቤቱ እየጠበቀን ነው» ሲለኝ ሁሉንም ላክሁለት። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልጻፍልሽ?

አሁን ነገሩ ስላለቀ ልንገርሽ። በተለይ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውን፣ አንቺም አንድ ቀን ሳያስፈልግሽ ስለማይቀር።

ሥራው ሎጎ፣ የደብዳቤ ወረቀትና የምርት መለያ ነበር። ክፍያው በሦስት ይከፈላል፤ 40 በመቶ ስንጀምር፣ 30 ረቂቁ ሲጸድቅ፣ የቀረው 30 ሳስረክብ። ሁለቱን ሳይዘገይ ከፈለ። መጋቢት 2 አስረከብኩ። የዚያኑ ማታ «ደርሶናል፣ በጣም አምሮብናል» ብሎ በኢሜይል ጻፈ። መጋቢት 4 ኢንቮይሱን ላክሁ፣ መክፈያው በ15 ቀን ነው። መጋቢት 19 መጣ፣ ሄደ። ስደውል «ሂሳብ ክፍል ጋ ነው»። ሂሳብ ክፍል ስደውል «ኃላፊው አልፈረሙም»። ሚያዝያ 10 ደግሞ አዲስ ነገር መጣ፤ «እውነቱን ለመናገር ሎጎውን ያን ያህል አልወደድነውም፤ ቀሪውን አንከፍልም»። ይህን የጻፈበት ኢሜይል ግርጌ ላይ ሎጎዬ ተቀምጧል።

በዚያ ሌሊት ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ስንት ሌሊት እንዳልተኛሁ፣ እንዴት እንዳመንኩት፣ ካልከፈለ ፌስቡክ ላይ እንደማወጣው፣ ፖሊስ ጋ እንደምሄድ። ውላችን ስለ ወለድ አንድ ቃል ሳይኖረው በወር 2 በመቶ ጨመርኩበት። ደግነቱ አልላክሁትም። በማግስቱ ለአንዲት ጠበቃ አሳየኋት። እርሳስ አነሳችና ትሰርዝ ጀመር። ስትጨርስ ከሦስቱ ገጽ የቀሩት የኢንቮይሱ ቁጥርና ያስረከብኩበት ቀን ነበሩ።

«ይሄን ለሱ ነው የጻፍሽው» አለችኝ። «እሱ ታሪኩን ያውቀዋል። ነገ የሱ ጠበቃ ወይም ዳኛ ሊያነበው ይችላል። ለነሱ ጻፊ።»

የፌስቡኩ ነገር ለምን እንደተሰረዘ ስጠይቃት ሳቀች። ገንዘብ ካልከፈልክ ስምህን አጠፋለሁ ብሎ በጽሑፍ ማስፈራራት በብዙ አገር ራሱን የቻለ ክስ ሊያስከትል ይችላል። አበዳሪ ሆነሽ ገብተሽ ተከሳሽ ሆነሽ ትወጫለሽ። ፖሊሱም እንዲሁ፤ ያልተከፈለ ኢንቮይስ በአብዛኛው የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። ከውሉም ከሕጉም ሳላጣራ የጨመርኩት ወለድ ደግሞ ትክክለኛውን ቁጥር እንኳ እንዲጠራጠሩ ያደርጋል አለች። አወጣሁት።

አዲሱ ደብዳቤ አንድ ገጽ ነው። ግንቦት 6 ተጻፈ። መካከሉ እንዲህ ይላል፦

«በውላችን አንቀጽ 3 መሠረት የመጨረሻው 30 በመቶ ሥራው ከተረከበ በኋላ በኢንቮይስ ይከፈላል። ሥራውን መጋቢት 2 አስረክቤአለሁ (አባሪ 1)። መረከብዎን የዚያኑ ቀን በጽሑፍ አረጋግጠዋል (አባሪ 2)። ኢንቮይስ ቁጥር 014 መጋቢት 4 ተልኳል፤ የመክፈያ ጊዜውም መጋቢት 19 አብቅቷል (አባሪ 3)። ይህ ደብዳቤ እስከተጻፈበት ቀን ድረስ 47 ቀን ዘግይቷል።»

አየሽ፣ አንድም ቅጽል የለበትም። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከኋላው ወረቀት አለው። ወረቀት የሌለውን አስወጣሁ። «በስልክ ቃል ገብተውልኝ ነበር» የሚለው እንኳ ወጣ፣ ማስረጃ ስለሌለኝ።

«አልወደድነውም» ለሚለው ብዙ ልመልስ አምሮኝ ነበር፤ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ፊደሉ። ጠበቃዋ ከለከለችኝ። ስለ ውበት ከተከራከርሽ ክርክሩ ውበት ላይ ይሆናል። ውሉ ላይ ግን አንድ መስመር ነበረኝ፦ ከርክክብ በኋላ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ቅሬታ ካልቀረበ ሥራው ተቀባይነት እንዳገኘ ይቆጠራል። የሱ ቅሬታ የመጣው በ38ኛው ቀን ነው። ይህንኑ ብቻ ጻፍኩ። ከሱ ቀጥሎ ሎጎው ድረ ገጻቸው ላይ እንዳለ የሚያሳይ፣ ቀን ያለበት ስክሪንሾት አያያዝኩ። ያልወደዱትን ነገር ግድግዳቸው ላይ ሰቅለውታል ማለት ነው፤ ያንን እንኳ አልጻፍኩትም፣ ስዕሉ ይናገራል።

ሌላ የጠቀመኝ አንቀጽ ነበር። የአጠቃቀም መብቱ ለደንበኛው የሚተላለፈው ሙሉ ክፍያው ሲጠናቀቅ ነው ይላል። ስለዚህ እስኪከፍሉ ድረስ ሎጎውን የሚጠቀሙት ያለ ፈቃድ መሆኑን አስታወስኳቸው። ይህ አንቀጽ ባይኖር ኖሮ ያንን መስመር አልደፍረውም ነበር። የቀድሞ ውሎችሽን እስቲ እያቸው፣ አለሽ?

መጨረሻው ላይ «በአስቸኳይ» ብዬ ነበር፤ «እስከ ግንቦት 20» ተባለ። አስቸኳይ ለሱ በዓመቱም ሊሆን ይችላል። የባንክ ሂሳቤን ቁጥር እዚያው አስገባሁ፣ «የት እንደምንከፍል አላወቅንም» እንዳይሉ። ካልከፈሉ የማደርገው አንድ ነገር ብቻ ተጻፈ፦ ለፍርድ ቤት አቤቱታ አቀርባለሁ። የማላደርገውን አልጻፍኩም።

አላላኩም የራሱ ጣጣ አለው። በኢሜይል በፒዲኤፍ፣ እንዲሁም ውሉ ላይ ባለው አድራሻ በአደራ ፖስታ። ስሙ የተጻፈው ሁልጊዜ ለሚያዋራኝ ልጅ ሳይሆን ውሉን ለፈረመው ኃላፊ ነው። የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ እስካሁን አስቀምጫለሁ።

በአምስተኛው ቀን ኃላፊው ራሱ ደወለ። ድምፁ ተለውጧል። «ግማሹን ዛሬ ላስገባልሽና ጉዳዩን እንዝጋው።» እህቴ፣ ልቀበል ነበር። ኪራይ ደርሶብኛል። ግን «ጉዳዩን እንዝጋው» የሚለውን ይዘሽ ግማሹን ከወሰድሽ ቀሪውን እንደተውሽ ሊቆጠርብሽ ይችላል። «ሐሳብዎን በጽሑፍ ይላኩልኝ» አልኩት። ሲልክልኝ ግማሹን በከፊል ክፍያነት እንደምቀበል፣ ቀሪው ግን እስከ ግንቦት 20 እንደሚጠበቅ መለስኩለት። ለሦስት ቀን ዝም አለ። ሆዴን በላኝ። ጅል ሆንኩ እንዴ አልኩ።

ግንቦት 18 ከምሳ በኋላ ስልኬ ጢን አለ። ሙሉው ገባ። «ለኢንቮይስ 014» የሚል ማስታወሻ ብቻ፣ ሰላምታም ይቅርታም የለውም። እኔም ደረሰኝ ቆርጬ የመብት ማስተላለፊያውን ፈርሜ ላክሁላቸው፣ በዚያው ቀን።

ደብዳቤውን ስማቸውን አጥፍቼ አብሬ ልኬልሻለሁ። አባሪ 2 ላይ ያለውን የሱን ኢሜይል አንብቢው፤ «በጣም አምሮብናል» የሚለውን በሦስት ቃለ አጋኖ ነው የጻፈው። የአንቺንም ዜና ጻፊልኝ። ስምንት ወር አላስጠብቅሽም።

ያንቺው