የትርጉም ሥራ በአንድ ቀን ማስረከብ ስለ መተዋችን ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ከዚህ ወር መጀመሪያ አንሥቶ የጋብቻ፣ የልደትና የፍርድ ቤት ሰነዶችን ጠዋት ተቀብለን ከሰዓት በኋላ ማስረከብ ትተናል። አሁን ሥራው ሦስት ቀን ይወስዳል። በሰነዱ ላይ ስማቸው የተጠቀሰ ሰዎች ሁሉ የፓስፖርት ቅጂ ካልቀረበልን አንጀምርም፤ የገጹም ዋጋ ከ350 ብር ወደ 500 ብር ከፍ ብሏል። ብዙዎቻችሁ እንደተቆጣችሁ እናውቃለን። አንዳንዶቻችሁ ደጃችን ላይ ቆማችሁ ነግራችሁናል፤ ሌሎቻችሁ ዝም ብላችሁ ወደ ሌላ ቤት ሄዳችኋል፤ ዝምታው የበለጠ ይሰማል። ሳናስጠነቅቃችሁ በድንገት በማድረጋችን ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔውን ግን አንመልሰውም። ለምን እንደሆነ ላስረዳችሁ።

ባለፈው ዓመት አንዲት ወጣት ከአጋሮ መንገድ መጥታ የጋብቻ ምስክር ወረቀቷን ሰጠችን። ባለቤቷ አሜሪካ ነው፤ ሊወስዳት ማመልከቻ ሊያስገባ ነበር። ወረቀቱ የተጻፈው በአፋን ኦሮሞ ነው። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ደንብ በእንግሊዝኛ ያልተጻፈ ሰነድ ሁሉ ከሙሉ ትርጉም ጋር እንዲቀርብ ይጠይቃል። ተርጓሚው ደግሞ ትርጉሙ ሙሉና ትክክል መሆኑን፣ ከቋንቋው ወደ እንግሊዝኛ ለመተርጎምም ችሎታ ያለው መሆኑን በፊርማው ማረጋገጥ አለበት። ለአሜሪካው የተረጋገጠ ትርጉም የሚባለው ይኸው ነው፤ ብዙ ሰው እንደሚያስበው የማኅተም ብዛት አይደለም። አውቶቡሱ እንዳያመልጣት ስለቸኮለች እኛም ቸኮልን። ግማሽ ሰዓት አልፈጀብንም።

በወረቀቱ ላይ የአባቷ ስም Xilaahun ተብሎ ተጽፏል። በቁቤ X የምንለው ፊደል «ጠ» ነው፤ ሰውየው ጥላሁን ናቸው፤ በልጃቸው ፓስፖርት ላይም Tilahun ተብሏል። ሥራውን የያዘው የእኛ ተርጓሚ ልጅ ግን ፊደሉ ላቲን ስለሆነ ምንም የሚተረጎም ነገር ያለበት አልመሰለውም፤ እንዳለ ገለበጠው። ጫላ የሚባል ሰው ቢሆን ደግሞ Caalaa ተብሎ ይመጣና ፓስፖርቱ ላይ Chala ሆኖ ይገኛል። እዚህ ጅማ ሁለቱንም አጻጻፍ ስለምናውቅ አንድ ሰው እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው። ባሕር ማዶ ተቀምጦ ፋይሉን ለሚያገላብጠው ሠራተኛ ግን Xilaahun እና Tilahun ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

ሁለተኛው ስህተት ደግሞ የበለጠ ያናድደኛል። ወረቀቱ ልጅቷ የተወለደችው ታኅሣሥ 25 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው ይላል። በአብዛኛው ዓመት ታኅሣሥ 25 ጃንዋሪ 3 ቀን ይውላል፤ የእኛ ልጅም በቃሉ የያዘውን አስልቶ ጃንዋሪ 3 ቀን 2000 ብሎ ጻፈ። ሆኖም 1991 ዘመነ ሉቃስ ነበር፤ ጳጉሜን 6 ቀን ሆነች። ስለዚህ የ1992 እንቁጣጣሽ የዋለው በሴፕቴምበር 12 ነው፤ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻም እያንዳንዱ ቀን በአንድ ይገፋል። በዘመነ ዮሐንስ ገና በታኅሣሥ 29 ሳይሆን በ28 የሚከበረው ለዚሁ ነው፤ ይህን እናቶቻችን ያለ ኮምፒውተር ያውቁታል። ትክክለኛው ቀን ጃንዋሪ 4 ነበር፤ ፓስፖርቷም የሚለው ይህንኑ ነው። የአንድ ቀን ልዩነት ናት።

ስህተቱ የእኛ ነው፤ አልሸሽም። የደረሰው ግን ይህ ነው። ከወራት በኋላ ባለቤቷ ተጨማሪ ማስረጃ የሚጠይቅ ደብዳቤ ተላከለት፤ በጋብቻ ወረቀቱና በፓስፖርቱ ላይ የተጠቀሰችው አንድ ሰው መሆኗን አስረዳ የሚል። እርሱ ቤት ቀይሮ ስለነበር ደብዳቤው በድሮው አድራሻ ሦስት ሳምንት ተቀመጠ። እንዲህ ላለው ጥያቄ በደንቡ የሚሰጠው ጊዜ ቢበዛ 12 ሳምንት ነው፤ ማራዘሚያ የለውም። ደግሞም መልሱ በአንድ ጊዜ ተጠቃልሎ መግባት አለበት፤ ዛሬ ግማሹን፣ ነገ ግማሹን ማለት አይቻልም። ልጅቷ ያደረሰችኝን ዜና የሰማሁት ሌሊት ነበር። በማግስቱ ወረቀቱን ያለ ክፍያ አዲስ አድርገን ተረጎምነው፤ ስህተቱ የተርጓሚው መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤም ፈርሜ ሰጠኋት። መልሱ ገባ፤ ፋይሉም ተራውን መጠበቅ ጀመረ። እኛ በግማሽ ሰዓት የሠራነው ወረቀት ሰባት ወር ወሰደባት። መጨረሻ ላይ ሄዳለች፤ አልወቀሰችንምም። ብትወቅሰን ይቀለኝ ነበር።

አሁን ፓስፖርት የምንጠይቀው ስለዚህ ነው። ስሙን የምንጽፈው ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ነው፤ በዋናው ሰነድ የተለየ አጻጻፍ ካለ እንደነበረ በማስታወሻ እናስቀምጠዋለን። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን እንጽፋለን፤ የሚጠራጠር ሰው ራሱ ያመሳክራል። ከዚያ ሥራውን ያልሠራ ሌላ ሰው ከዋናው ጋር ቃል በቃል ያነበዋል፤ የማኅተሙን ጽሑፍና በጀርባ በእጅ የተጻፈውን ጨምሮ፤ «ሙሉ ትርጉም» ማለት ይህንንም ይይዛልና። በመጨረሻ ረቂቁን እናንተ አይታችሁ ትፈርሙበታላችሁ። የሁለተኛው አንባቢ ደመወዝ ነው የዋጋውን ጭማሪ ያመጣው፤ ቶነሩና ወረቀቱ ስንት እንደገባ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

አንድ ነገር ግን ለገንዘብም ለወዳጅነትም ብለን አናደርግም። በቀደም አንዲት እናት የልጃቸውን የልደት ወረቀት ይዘው መጥተው፣ «ልጄ፣ ዋናው ላይ ዓመቱ ተሳስቷል፣ በእንግሊዝኛው አቃናልኝ» አሉኝ። እትዬ፣ እኔ እምቢ ያልኩት ልጅዎን ጠልቼ አይደለም። ትርጉም ዋናው ያለውን ይናገራል፤ ዋናው ከተሳሳተ የሚታረመው ሰነዱን በሰጠው መዝገብ ቤት ነው። እኔ ባቃናው ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲታዩ ሐሰተኛ የሚባለው የልጅዎ ማመልከቻ ነው።

ደግሞ ሁሉም ሰነድ እኛ ዘንድ መምጣት የለበትም። እንግሊዝኛው በሙሉ ጎን ለጎን የተጻፈበት ምስክር ወረቀት የያዙ ደንበኞችን ብዙ ጊዜ ሳናስከፍል መልሰናል። ለካናዳ የሚያመለክት ሰው በቤተሰቡ አባል የተተረጎመ ሰነድ ማቅረብ አይችልም፤ እንግሊዝኛ የሚችል ወንድም ቢኖራችሁም። ሌሎች አገሮች ደግሞ ቃለ መሐላ የፈጸመ ተርጓሚ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ሰነዱን የሚቀበለው መሥሪያ ቤት የሚፈልገውን የሚገልጸውን ወረቀት ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናነበዋለን፤ ለዚህ አናስከፍልም።

ይህን ቤት በ2002 ዓ.ም. ሂርማታ አጠገብ በአንድ አሮጌ ኮምፒውተርና በተዋስሁት ወንበር ስከፍት የመጀመሪያ ደንበኞቼ ከእናንተ መካከል ናችሁ። መብራት ሲጠፋ በሻማ ጠብቃችሁኛል፤ ቡና አፍልታችሁ ያመጣችሁልኝም አላችሁ። ለዚህ ነው «ገንዘብ ዓይኑን ጋረደው» ስትሉኝ የከፋኝ። ሦስት ቀን መጠበቅ የማይችል፣ የቀጠሮ ቀኑ የደረሰበት ሰው ካለ ቀጠሮውን አሳይቶን ቅድሚያ እንሰጠዋለን፤ ሁለተኛው ንባብ ግን ለእርሱም አይቀርም። ከአሁን በፊት በእኛ የተተረጎመ፣ ገና ያልተላከ ሰነድ ያላችሁም ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ ኑና ስሙንና ቀኑን በነፃ እናመሳክርላችሁ። ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ክፍት ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
የትርጉም ቤቱ ባለቤት፣ ጅማ