ማን ያዘዋል?

ይድረስ ለማልረሳህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ሁለት ዓመት ዝም ማለቴ ጥፋት ነውና ይቅር በለኝ። እውነቱን ለመናገር አሁንም የጻፍሁልህ ናፍቆቱ ብቻ አስገድዶኝ አይደለም፤ ጆሮህን ፈልጌ ነው።

እዚህ ሜሪላንድ ለእንቁጣጣሽ ዝግጅት፣ አቦትና ኮስቴሎ የተባሉት ኮሜዲያን እ.ኤ.አ. በ1938 በሬዲዮ ያሰሙትን የቤዝቦል ጭውውት ወደ አማርኛ እንድመልስ ተሰጠኝ። በእንግሊዝኛው የመጀመሪያው ተጫዋች ስም «ሁ»፣ የሁለተኛው «ዋት»፣ የሦስተኛው «አይ ዶንት ኖው» ስለሆነ፣ ኮስቴሎ ስም በተነገረው ቁጥር መልሶ የተጠየቀ እየመሰለው ይናደዳል። እኔም በየዋህነት «ማን»፣ «ምን»፣ «አላውቅም» ብዬ መለስሁትና ለጓደኞቼ ባነብላቸው አንድም ሰው አልሳቀም። ማን የሚባል ሰው ማን አይቶ ያውቃል?

በኋላ ግን የእኛ ስም ራሱ ዓረፍተ ነገር መሆኑ ትዝ አለኝ። ቤዝቦሉን በእግር ኳስ ለውጬ አምበሉን ማንያዘዋል አልሁት።

«ቡድኑን ማን ያዘዋል?»
«አዎ።»
«አምበሉን እኮ ነው የምጠይቅህ! ማን ያዘዋል?»
«እሱ ነው አልሁህ!»

በረኛው ደግሞ ምንያህል ነው። «በየወሩ የሚወስደው ምን ያህል ነው?» ሲባል፣ «የሚወስደው» የሚለው ቃል ገንዘቡንም ተቀባዩንም ስለሚያመለክት «ልክ ነው፤ ለፍቶበታል» የሚለው መልስ ያለ ምንም ማስገደድ ይገጥማል። እዚህ ላይ ብቻዬን ስስቅ ጎረቤት ሰምቶኛል።

ያስቸገረኝ ሰዋስው ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ «ማንያዘዋልን ጥራልኝ» የሚል ነበረበት፤ ያቺ «ን» እንደተጨመረች ስም መሆኑ ይጋለጥና ቀልዱ ይሞታል። ስለዚህ ስሞቹ እስከ መጨረሻው ድረስ ቅጥያ እንዳይነካቸው አድርጌ ሁሉንም ዓረፍተ ነገር እንደገና ጻፍሁ። ተዋናዩም ጥያቄውን ሲጠይቅ «ማን» ብሎ ትንፋሽ ከወሰደ ከስሙ ጋር ያለው መመሳሰል ይጠፋል፤ በአንድ ትንፋሽ እንዲለው ሦስት ምሽት አለማመድሁት። እሱም እንደ አንተ ግትር ነው።

ሦስተኛው ተጫዋች ግን አሸንፎኛል፤ ልጁን «አላውቅም» ብሎ የሚሰይም ወላጅ አላገኘሁም። የትናየት የሚለውን ስም አስቤ ነበር፤ ነገር ግን «የት ናየት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስለሌለ ሳቁ የግድ ይሆናል። አንተ የተሻለ ስም ካለህ ላክልኝ፤ ካልሆነም ሰውዬውን ከቡድኑ አስወጣዋለሁ።

ጽሑፉን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ለእማማ ጮክ ብለህ አንብብላቸውና የት ላይ እንደሳቁ ጻፍልኝ፤ ወረቀቱን ግን እንዳታሳያቸው፣ በ«ማን» እና በ«ያዘዋል» መካከል ያለውን ክፍተት ያዩታል።

ያው ዘገምተኛው ወንድምህ