ሁለቱም «ኒኬል» ተብለው የተሸጡ እጀታዎች ለምን አብረው አልሄዱም?

ውድ ደንበኞቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

ባለፈው ወር አንዲት ደንበኛችን ሁለት የበር እጀታ በፌስታል ይዘው ሜክሲኮ አካባቢ ወዳለው ሱቃችን መጡ። ካዛንቺስ አዲስ አፓርታማ ገብተው ሰባት እጀታ ከእኛ ወስደው ነበር። አራቱን አንድ ቀን፣ ሦስቱን ከሁለት ሳምንት በኋላ። «ሁለቱንም ኒኬል ብላችሁ ነው የሸጣችሁልኝ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሳየው ግን አንዱ ቢጫ ይላል፣ አንዱ ሰማያዊ» አሉን። እውነታቸውን ነው። ጥፋቱ የእኛ ነበር። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈውም ሌሎቻችሁ እንዳትቸገሩ ብለን ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። አራቱ እጀታዎች ትክክለኛ ብራሽድ ኒኬል ናቸው። ኒኬል በተፈጥሮው ሞቅ ያለ፣ በትንሹ ወደ ቢጫ የሚያደላ መልክ አለው። ሦስቱ ደግሞ ሳቲን ክሮም ነበሩ። ክሮም ቀዝቃዛ ነው፣ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ሁለቱም ደብዘዝ ያሉ፣ በብሩሽ የተፋቁ ስለሚመስሉ በእኛ ነጭ አምፖል ሥር አንድ ይመስላሉ። እሳቸው ቤት ኮሪደር ላይ ያለው መብራት ግን ቢጫማ ነው። እዚያ ልዩነቱ አፍጥጦ ወጣ። መደርደሪያችን ላይ ሁለቱም «ኒኬል» ተብለው ተጽፎባቸው ነበር። አሁን ጽሑፉን ለይተነዋል።

ስለዚህ አዲስ ስትገዙ አሮጌውን ነቅላችሁ ይዛችሁ ኑ። ሁለቱን ጎን ለጎን ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጧቸውና ወደ በሩ፣ ወደ ቀን ብርሃን አውጥታችሁ እዩ። ነጭ ወረቀቱ ቢጫውንና ሰማያዊውን ያጋልጠዋል። የፋብሪካ ልዩነትም አለ። የአንዱ ፋብሪካ ኒኬል ከሌላው ፋብሪካ ኒኬል ጋር ልክ አይመጣም። አንዱ ክፍል ውስጥ የሚገቡትን ሁሉ በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ፋብሪካ መግዛት፣ አንድ ትርፍ እጀታም ጨምሮ ማስቀመጥ ከብዙ ጣጣ ያድናል።

የደንበኛችንን ነገር ያለ አንድ ሳንቲም ወጪ ነው የፈታነው። የቤቱን በሮች አንድ በአንድ ቆጠርን። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ የሚታየው አራት በር ነው፦ ሦስቱ መኝታ ቤቶችና የጋራው መታጠቢያ ቤት። ከኮሪደሩ የማይታዩት ሦስት ናቸው፦ የወጥ ቤቱ፣ የዕቃ ማስቀመጫውና የትልቁ መኝታ ቤት የውስጥ መታጠቢያ። የገጠመው ባለሙያ አደባልቆ ስለገጠማቸው ነው እንጂ አራቱ ኒኬል ለአራቱ የኮሪደር በሮች በትክክል ይበቃሉ። ሦስቱ ክሮም ወደ ውስጥ ገቡ። እዚያ ቧንቧውም ክሮም ስለሆነ ይበልጥ አማረ። ከመንቀላችን በፊት ግን ከእጀታው መሃል እስከ ቁልፉ መሃል ያለውን ርቀት ለካን። በሁሉም በር 85 ሚሊ ሜትር ነበር። አንዱ 72 ቢሆን ኖሮ መለዋወጡ አይሳካም ነበር። እናንተም ያለ ሜትር አትጀምሩ።

ዓይን ጥቂት የሚለያዩ ሁለት ነገሮችን እንደ ስህተት ያያቸዋል። በግልጽ የሚለያዩትን ግን እንደ ምርጫ ይቀበላል። ስለዚህ ኒኬል ከሳቲን ክሮም ጎን አታድርጉ። ኒኬል ከጥቁር ጎን ግን ምንም አይልም። ቤቱን በሙሉ አንድ ዓይነት ማድረግም ግዴታ አይደለም። እንዲያውም የሚያረጁበት መንገድ የተለያየ ስለሆነ፣ ለየቦታው የሚስማማውን መምረጥ ይሻላል ብለን እናምናለን።

ብራሽድ ኒኬል ብዙ እጅ የሚነካውን በር ይችላል። የጣት አሻራና ጭረት እምብዛም አይታይበትም። ጠላቱ በረኪና ነው። ወለል ሲታጠብ የሚረጨው፣ ወይም ከእጅ መታጠቢያው ሥር ክዳኑ ሳይገጥም የተቀመጠው በረኪና የሚያወጣው ትነት፣ ልባጡን እየበላ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣበታል። አንዴ ከወጣ አይለቅም። የድስት ሽቦም አይነካው። ለስላሳ ጨርቅ፣ ለብ ያለ ውሃና ትንሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይበቃዋል።

ማት ብላክ በሚባለው የማያብረቀርቅ ጥቁር ላይ በጣም እንድትጠነቀቁ እንፈልጋለን፣ ምክንያቱም አሁን ሁሉም ሰው የሚጠይቀን እሱን ነው። ብዙውን ጊዜ ጥቁሩ ብረቱ ራሱ አይደለም፣ ላዩ ላይ የተቀባ ቀለም ነው። የዋናውን በር ቁልፍ ስትከፍቱ የተቀረው የቁልፍ ዘለላ እየተወዛወዘ አንድ ቦታ ይመታዋል። የጣት ቀለበትም እንዲሁ። ጠርዙ ይነሳና ከሥሩ ብርማ ብረት ይታያል። እጅ ሁልጊዜ የሚይዘው ቦታ ደግሞ ተፈትጎ ያብረቀርቃል። በጥቁር ቀለም ልታድሱት ብትሞክሩ የነካችሁት ቦታ ተለይቶ ይታያል። ቧንቧ ላይ ከሆነ ውሃው ሲደርቅ ነጭ ነጥብ ይተዋል፣ ስለዚህ ከተጠቀማችሁ በኋላ ማድረቅ ይጠይቃል። ለመጋረጃ ዘንግ፣ ለፎጣ ማንጠልጠያ፣ ለመብራት እና ለቁም ሳጥን እጀታ ግን ከልብ እንመክረዋለን። ለውጭ በር አንመክርም።

ናስ ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ ምንም ያልተቀባ ነው። ይህኛው በወራት ውስጥ እየጠቆረ ወደ ቡናማ ይሄዳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚገረምበት ነገር አለ። በየቀኑ የሚነካው የሳሎን እጀታ በእጅ እየተወለወለ ብሩህ ሆኖ ይቀራል፣ የማይከፈተው የእንግዳ ክፍል ደግሞ ይጠቁራል። በአንድ ቀን የተገዙ ዕቃዎች በዓመቱ ሁለት መልክ ይኖራቸዋል። ይህን ውበት ብሎ ለሚቀበል ሰው ነው ናስ የሚሆነው። በሎሚና በጨው ፈትጎ ማብራት ይቻላል፣ ግን ቶሎ አለቅልቁና አድርቁ። ቆይቶ ከደረቀበት ሮዝማ መልክ ይይዛል።

ሁለተኛው ጥርት ያለ ላከር የተቀባ ነው። ላከሩ እስኪሰነጠቅ ድረስ ያምራል። ከዚያ ከሥሩ ጥቁር ነጥቦች ይወጣሉ። ከላይ ብታሹት አይለቅም፣ ላከሩን በሙሉ ማስለቀቅ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ እንዳልተቀባው ናስ ይኖራል። ሦስተኛው ልባጥ ብቻ ነው። እሱን በሎሚም በማብሪያም አትፈትጉት፣ ስስ ስለሆነ ይነሳል።

ውስጡም ናስ ይሁን ልባጥ ብቻ ለመለየት ማግኔት ይዛችሁ ኑ፣ እኛም ጋ አለ። ከያዘው ውስጡ ብረት ነው፣ ልባጡ ሲነሳ ይዝጋል። ካልያዘው ብዙውን ጊዜ ናስ ወይም ዚንክ ነው። ከጀርባው፣ ከማይታይ ቦታ በምስማር ጫር አድርጉት። ቢጫ ከታየ ናስ ነው። ግራጫ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ዚንክ ነው። ይህን ከመግዛታችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ፣ እኛ ባለንበት አድርጉት። አንቀየምም።

ከዚህ በፊት «ኒኬል» ተብሎ ተሽጦላችሁ ቤት ሲደርስ አልመሳሰል ያላችሁ ካለ፣ ያልተገጠመውን ከነካርቶኑ አምጡልን፣ እንቀይራለን። የተገጠመ ከሆነ የበሮቹን ብዛትና የትኛው ከየት እንደሚታይ በወረቀት ላይ ሣሉና ይዛችሁ ኑ። እንደ ካዛንቺሷ ደንበኛችን አብረን እንቆጥራለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ሠራተኞች
ሜክሲኮ፣ አዲስ አበባ