የሾተላይ መርፌ ዓርብ ማታም ይገኝ
ለጤና ሚኒስቴር፣ ለእናቶችና ሕፃናት ጤና ክፍል

ክቡራን ኃላፊዎች፣

ማዋለጃ ክፍል ውስጥ የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። የምጽፍላችሁ ስለ አንድ መርፌ ነው። ሰው የሾተላይ መርፌ ይለዋል፤ እኛ አንቲ-ዲ እንለዋለን። አዲስ ነገር አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1968 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ነው። ማን መውሰድ እንዳለባትም ይታወቃል። ችግሩ መርፌው እናቲቱ ጋ በሰዓቱ አለመድረሱ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር፤ ምናልባት ደብዳቤውን ሐኪም ያልሆነ ሰው ያነበው ይሆናል። የደም ዓይነታችን ላይ ፖዘቲቭ ወይም ኔጌቲቭ የሚለው ቃል የሚነግረን በቀይ የደም ሴሎቻችን ላይ ዲ የሚባል ፕሮቲን መኖር አለመኖሩን ነው። ኔጌቲቭ የሆነ ሰው የጎደለው ነገር የለም። ሴትየዋ ካላረገዘች፣ ወይም ፖዘቲቭ ደም ካልተሰጣት በቀር ሳታውቀው ዕድሜዋን ትጨርሳለች። ጉዳዩ የሚመጣው ኔጌቲቭ እናት ፖዘቲቭ ልጅ ስትወልድ ነው። በምጥ ጊዜ፣ በተለይ እንግዴ ልጁ ሲላቀቅ፣ ጥቂት የሕፃኑ ደም ወደ እናቲቱ ደም ይገባል። ከአንድ ሚሊ ሊትር አንድ አሥረኛው እንኳ ሊበቃ ይችላል። ሰውነቷ ያንን ደም እንደ ባዕድ ያየውና አንቲቦዲ ይሠራለታል።

የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሆንም። አንቲቦዲው የሚሠራው ልጁ ከወጣ በኋላ ስለሆነ አያገኘውም። ግን ከዚያ በኋላ አይጠፋም። ሁለተኛው ፅንስ ፖዘቲቭ ከሆነ አንቲቦዲው በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ የፅንሱን ቀይ ሴሎች ይሰባብራል። ያኔ ደም ማነስ፣ የሰውነት ማበጥ፣ የከፋ ሲሆን ደግሞ በሆድ ውስጥ መሞት ይመጣል። በሕይወት የተወለደውም በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ቢጫ ይሆናል፤ ቢጫነቱ በጊዜ ካልተያዘ አንጎሉን ይጎዳል።

መርፌው የሚሠራው ቀድሞ በመድረስ ነው። ከለጋሾች ፕላዝማ የተዘጋጀ አንቲቦዲ ነው። የእናቲቱ ሰውነት የልጁን ሴሎች አውቆ የራሱን አንቲቦዲ መሥራት ሳይጀምር ሴሎቹን ያስወግዳቸዋል። አንዴ ራሷ መሥራት ከጀመረች ግን መርፌው ምንም አይረዳትም። ስለዚህ ነው ሰዓቱ ላይ ሙጭጭ የምለው።

አሁን አንዲት እናት እንውሰድ። ታሪኩን ከብዙ እናቶች ገጣጥሜ የሠራሁት ነው፤ ግን ማዋለጃ ክፍል የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ደሟ ኤ ኔጌቲቭ ነው። የባሏ ፖዘቲቭ ነው። በ12ኛው ሳምንት ክትትል ስትጀምር ካርዷ ላይ ተጽፏል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ የመጀመሪያ ልጇን በሰላም ወለደች። ሕፃኑ አለቀሰ፣ ጡት ያዘ። የእትብት ደም የወሰደ የለም። ቅዳሜ ጠዋት ሕፃኑ ታየ፣ እሷም ደህና ነች፣ ወደ ቤት ሄደች። ካርዱ ላይ ያለውን “ኔጌቲቭ” የሚል ቃል የጻፈው የላብራቶሪው ሰው ነው፤ ያዋለዳት ሌላ ነው፤ ያስወጣት ደግሞ ሌላ። ሰኞ 10 ሰዓት ላይ 72 ሰዓቱ አለፈ።

ከሁለት ዓመት በኋላ አረገዘች። በክትትሏ አንቲቦዲ ፍለጋ የሚደረገው ኢንዳይሬክት ኩምብስ የተባለው ምርመራ ፖዘቲቭ ሆነ። ከዚህ በኋላ ያለው እርግዝና ሁሉ ሌላ ነው። የአንቲቦዲው መጠን በየጊዜው ይለካል። መጠኑ 1 ለ 16 ወይም 1 ለ 32 ሲደርስ የፅንሱ የአንጎል ደም ሥር ፍጥነት በአልትራሳውንድ ይታያል፤ ደሙ ያነሰ ፅንስ ደሙ ይፈጥናልና። ከባሰ ገና በሆድ ውስጥ ሳለ ደም ይሰጠዋል። ይህን የሚሠራ ማዕከል በየቦታው የለም። የተወለደውም ሕፃን በመብራት ሕክምና ላይ ይተኛል፤ ካልበቃው ደሙ ይቀየራል። ይህ ሁሉ ዓርብ ማታ በጡንቻ በምትሰጥ አንዲት መርፌ ይቀር ነበር።

ምን ያህል ይከላከላል ለሚል ሰው ቁጥሩ እነሆ። ኔጌቲቭ እናት፣ በኤ፣ ቢና ኦ በኩል ከእሷ ደም ጋር የሚስማማ ፖዘቲቭ ልጅ ወልዳ ምንም መርፌ ካልወሰደች፣ ከ100 እናቶች 16ቱ ያህሉ አንቲቦዲ ይሠራሉ። ከወሊድ በኋላ በጊዜ ከወሰዱ ቁጥሩ ከ2 አይበልጥም። በእርግዝናው 28ኛ ሳምንት ላይ ተጨማሪ ከተሰጠ ደግሞ ከ1000 ወደ 2 ያህል ይወርዳል።

የ28ኛው ሳምንት መርፌ ምክንያት አለው። አንዳንዴ የልጁ ደም በመጨረሻዎቹ ወራት፣ ምጥ ሳይመጣ፣ ቀስ እያለ ወደ እናቲቱ ይሾልካል። በብዙ አገሮች መደበኛ ሥራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው የእርግዝና ክትትል መመሪያ ግን ይህን መርፌ በጥብቅ ጥናት ውስጥ ካልሆነ በስተቀር አልመከረም። እኔም የምለምናችሁ በቅድሚያ ያንን አይደለም። በወሊድ ጊዜ የሚሰጠው ሳይዳረስ የ28ኛውን ሳምንት ማሰብ ከላይ ጀምሮ መገንባት ነው። አቅሙ ካለ ግን እሰየው።

አንድ ስህተት በጣም ያናድደኛል። እናቲቱ በአምስተኛው ቀን ትመጣለች፣ “72 ሰዓቱ አልፏል፣ አሁን ምን ይደረጋል” ተብላ ትመለሳለች። 72 ሰዓት የተባለው የመጀመሪያዎቹ ጥናቶች በዚያ ገደብ ውስጥ ስለሰጡ ነው። ከዚያ በኋላ መርፌው ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በ10 ቀን ውስጥ የተሰጠም የተወሰነ ጥበቃ ያደርጋል፤ እስከ 28 ቀን ድረስ እንዲሰጥ የሚመክሩም አሉ። ስለዚህ ዘግይታ የመጣች እናት ባዶ እጇን አትመለስ። ይህ አንድ መስመር መመሪያው ላይ በግልጽ ይጻፍልን።

ወደ ዓርቧ እናት ልመለስ። ምን መሆን ነበረበት? እትብቱ ተቆርጦ ከተጠረገ በኋላ ከደም ሥሩ በስሪንጅ ጥቂት ደም ይወሰዳል፤ ክዳኑ ሐምራዊ በሆነው የላብራቶሪ ቱቦ ውስጥ ይገባል። እትብቱ ሲጨመቅ የሚወጣው ዝልግልግ ነገር ከደሙ ጋር ከተቀላቀለ ሴሎቹ ተጣብቀው ውጤቱን ያሳስታሉ፤ መጥረጉ ለዚህ ነው። ቱቦው ላይ የእናቲቱ ስምና “የሕፃኑ” የሚል ቃል እዚያው አልጋው አጠገብ ይጻፋል። ላብራቶሪው የሕፃኑን ደም ዓይነት ይነግረናል። ኔጌቲቭ ከሆነ መርፌ አያስፈልግም፣ አለቀ። ፖዘቲቭ ከሆነና የእናቲቱ አንቲቦዲ ምርመራ ኔጌቲቭ ከነበረ 300 ማይክሮግራም ትወስዳለች። ምርመራው ካልታወቀ ወይም ላብራቶሪው ዝግ ከሆነ ግን ውጤት እየጠበቁ 72 ሰዓቱን ከማሳለፍ መስጠቱ ይሻላል። ሳያስፈልጋት ብትወስድ የምትከፍለው ትንሽ ነው፤ ሳትወስድ ብትቀር የሚከፍለው ቀጣዩ ልጅ ነው።

300 ማይክሮግራም ወደ 30 ሚሊ ሊትር የልጁን ደም ይሸፍናል። ለአብዛኛዋ ወላድ ይበቃል። እንግዴ ልጁ ቀድሞ የተላቀቀባት፣ በእጅ የወጣላት ወይም መንታ የወለደች እናት ግን ከዚያ በላይ ደም ገብቶባት ይሆናል። ለእሷ ክላይሃወር የሚባል ምርመራ አለ። የእናቲቱ ደም በስላይድ ላይ ይቀባና በአሲድ ይታጠባል። የአዋቂ ሴሎች ሄሞግሎቢናቸው ታጥቦ ጥላ መስለው ይቀራሉ። የልጁ ሴሎች አሲዱን ስለሚቋቋሙ ሮዝ ሆነው ይታያሉ፤ ከዚያ ይቆጠራሉ። ለምሳሌ ከ1000 ሴሎች 12ቱ ሮዝ ቢሆኑ 1.2 በመቶ ነው። የእናቲቱን ደም 5 ሊትር ብንለው 60 ሚሊ ሊትር የልጁ ደም ገብቷል ማለት ነው። ሁለት ብልቃጥ ይሸፍነዋል፣ ለጥንቃቄ አንድ ተጨምሮ ሦስት ይሰጣታል። ይህን ሳናደርግ አንዷን ሰጥተን “ወስዳለች” ብለን ብንጽፍ ወረቀቱ ልክ ነው፣ እናቲቱ ግን አልተጠበቀችም።

ወሊድ ብቻ አይደለም። ከ12 ሳምንት በኋላ ያስወረዳት፣ ከማሕፀን ውጭ ያረገዘች፣ በሆዷ ላይ ጉዳት የደረሰባት ወይም በእርግዝና ጊዜ የደማች ኔጌቲቭ እናትም ትታይ። እነዚህ ሴቶች ብዙ ጊዜ የሚመጡት ማዋለጃ ክፍል ሳይሆን ድንገተኛ ክፍል ነው፤ እዚያ ደግሞ ዋናው ጭንቀት መድማቱን ማቆም ነው። የደም ዓይነቷን የሚጠይቃት ሰው ያስፈልጋል።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይኸው ነው። መድኃኒቱ የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ፍሪጅ መቀመጥ አለበት፣ በረዶ ሊሆን አይገባም። ስለዚህ ለማዋለጃ ክፍሉ ራሱ የሚሆን ፍሪጅና ቢያንስ ሁለት ብልቃጥ ይኑር፤ ቅዳሜና እሁድ የሚዘጋ ፋርማሲ ውስጥ ያለ መድኃኒት ለእኛ የሌለ ያህል ነው። የእናቲቱ የመውጫ ወረቀት ላይ ደግሞ ለኔጌቲቭ እናቶች ሦስት ጥያቄዎች ይጨመሩ፦ የሕፃኑ ደም ምንድን ነው፣ መርፌው ተሰጠ ወይ፣ መቼና ስንት። ሳይሞላ ማንም አይውጣ።

የመጨረሻዋን ጥያቄ ለምን እንደምፈልጋት ልንገራችሁ። መርፌው ከተሰጠ በኋላ ለሳምንታት በደሟ ውስጥ ይቆያል። በዚያ ጊዜ ኢንዳይሬክት ኩምብስ ቢሠራላት ቀለል ያለ ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል። ቀኑና መጠኑ ካርዷ ላይ ከሌለ፣ ላብራቶሪው የመርፌውን አንቲቦዲ ከራሷ መለየት ይከብደዋል። “አንቲቦዲ ሠርታለች” ተብሎ ከተጻፈባት ደግሞ በሚቀጥለው ወሊድ ማንም መርፌውን አይሰጣትም።

በአክብሮት፣
አንዲት አዋላጅ ነርስ