የትኬቱ ነገር እዚያ ላይ አያበቃም

ለአዘጋጁ፣

በርሊን የደረሰ አዲስ ስደተኛ ወደ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት እንዴት እንደሚሄድ ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤ ተናድጃለሁ። «ከጣቢያው ማሽን ትኬት ገዝቶ መሳፈር ነው» ብላችሁ አለፋችሁ። ከማን ጠይቃችሁ ነው የጻፋችሁት?

በርሊን ውስጥ ከጣቢያ ማሽን የተገዛ የወረቀት ትኬት ቀንና ሰዓት ካልታተመበት አይሠራም። ባቡር የሚይዝ ሰው ገና መሳፈሪያው ላይ ያሳትማል፤ አውቶቡስና ትራም ውስጥ ደግሞ ማተሚያው ሳጥን እዚያው አለ። የሚከለክል በር ስለሌለ ሳያሳትም የገባ ሰው ጥፋቱን የሚያውቀው ተቆጣጣሪ ሲደርስበት ነው። ቅጣቱ 60 ዩሮ ነው።

የእህቴ ልጅ የደረሰባት ይኸው ነው። በመጣች ሰሞን ትራም ውስጥ ካለው ማሽን ትኬት ገዝታ ነበር፤ ያ ትኬት ታትሞበት ስለሚወጣ ሌላ ነገር አላስፈለጋትም። ለቀጠሮዋ ዋዜማ ግን ለመሄጃና ለመመለሻ ሁለት ትኬት ከባቡር ጣቢያ ገዛች። ጠዋት አውቶቡስ ስትሳፈር ትኬቱን ለሾፌሩ አሳየችው፤ እሱም አየት አድርጎ አሳለፋት። ቫይሰንዜ ላይ ወደ ኤም 13 ትራም ተዛወረች። ፊርሾ ክሊኒኩም ወርዳ ቦዩን በእግር ብትሻገር ፍሪድሪሽ ክራውዘ ኡፈር፣ ቀጠሮዋ ቦታ ነበረች። ከዚያ በፊት ተቆጣጣሪዎች ገቡ። ጀርመንኛ የማትችል ልጅ ሁለት የተከፈለባቸው ትኬቶች በእጇ ይዛ ሰው ፊት እንደ ሌባ ቆመች። ገንዘቡን ከፍላለች፤ ያልከፈለችው ምን ነበር? ቀጠሮዋ ላይ የደረሰችው እያለቀሰች ነው።

ተቆጣጣሪውን አልወቅስም። ያልታተመ ትኬት በማግስቱም ሊሠራ ስለሚችል፣ ማኅተሙ ከሌለ ጉዞው መቼ እንደተጀመረ የሚታወቅበት መንገድ የለም። የምወቅሰው መመሪያ ጻፍን ብላችሁ ዋናውን የተዋችሁትን እናንተን ነው። ሆን ብሎ ሳይከፍሉ መሳፈር በጀርመን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 265ሀ የሚያስጠይቅ ጥፋት ነው። የእህቴ ልጅ ሆን ብላ እንዳላደረገችው ግልጽ ነው፤ ነገር ግን የመኖሪያ ፈቃድ ለመጠየቅ የሚሄድ ሰው በዚያው ጠዋት እንዲህ ያለ ጣጣ ውስጥ እንዲገባ ማድረግ ቀላል ነገር ይመስላችኋል?

ደግሞም መሥሪያ ቤቱን አንድ ቦታ ብቻ እንዳለ አድርጋችሁ ጽፋችኋል። ሻርሎተንቡርግ፣ ኬፕለር ጎዳና ላይም ቢሮ አለው፤ የሚያዘው በቀጠሮው ወረቀት ላይ ያለው አድራሻ ነው።

እርማቱን ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ፣ በዚያው የፊደል መጠን አውጡት። ዘገባችሁን ቆርጦ ኪሱ ውስጥ የያዘ ሰው ነገ ጠዋት ትራም ሊሳፈር ይችላል።

አንባቢያችሁ፣ ከበርሊን