ለደንበኞቻችን፦ ባንኩ የሚያየው ወረቀቱን ነው

አዳማ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤

ፕሮፎርማ ይዛችሁ ኤልሲ ለማስከፈት ስትዘጋጁ ደጋግማችሁ የምትጠይቁን ጥያቄ አለ፦ «ኤልሲ ከከፈትኩ በኋላ አቅራቢው ሌላ ዕቃ ቢልክብኝ ባንኩ ገንዘቤን ይይዝልኛል?» የሚለው ነው። አጭሩ መልስ «ኤልሲው ላይ ባስጻፋችሁት ይወሰናል» ነው። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ምን መጻፍ እንዳለበት ለማሳየት ነው።

በኤልሲ ባንካችሁ ለአቅራቢው ቃል ይገባል፦ እነዚህን ሰነዶች፣ በዚህ ቀን ውስጥ፣ በተጻፈው መሠረት አሟልተህ ካቀረብክ እከፍልሃለሁ ይለዋል። ስለዚህ ዕቃው መጫኑን የሚያሳይ ሰነድ ሳያቀርብ ገንዘብ አያገኝም። ቀብድ ልካችሁ ከመጠበቅ የሚሻለውም በዚህ ነው። ነገር ግን ባንኩ ኮንቴይነር አይከፍትም። ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ያወጣው፣ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባንኮች የሚሠሩበት ዩሲፒ 600 የተባለው ደንብ በአንቀጽ 5 በግልጽ እንዳስቀመጠው ባንኮች የሚሠሩት በሰነድ እንጂ በዕቃ አይደለም። ወረቀቱ ትክክል ከሆነ በካርቶኑ ውስጥ ድንጋይ ቢኖርም ክፍያው ይፈጸማል።

በምሳሌ እንየው። አንድ የአዳማ ነጋዴ ለመስኖ የሚሆኑ 200 የናፍጣ ውሃ ፓምፖች፣ ባለ 3 ኢንች፣ እያንዳንዱን በ150 ዶላር ከቻይና ሊያስመጣ ነው እንበል። ጠቅላላው 30,000 ዶላር ሲሆን ዕቃው የሚጫነው ከኒንግቦ ወደብ ነው። ይህ ነጋዴ ጥራቱ ስለሚያሳስበው ኤልሲው ላይ «ፓምፖቹ አዲስና ጥራታቸው የተጠበቀ ይሁኑ» ብሎ ያስጽፋል። የተጠነቀቀ ይመስለዋል፤ ይህ ዓረፍተ ነገር ግን ምንም አይሠራለትም። በዚያው ደንብ አንቀጽ 14 መሠረት፣ መሟላቱን የሚያሳይ ሰነድ ያልተጠየቀበት ሁኔታ ባንኩ ዘንድ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። ጥራት ከፈለጋችሁ ጥራቱን የሚመሰክር ወረቀት በስሙ ጠይቁ።

«የመርከብ ድርጅቱ የሚሰጠው የጭነት ሰነድ፣ ቢል ኦፍ ሌዲንጉ፣ አለ አይደል?» የሚሉም አሉ። ሙሉ ኮንቴይነር ሲሆን አቅራቢው ራሱ ጭኖ፣ ራሱ ቆጥሮ፣ አሽጎ ያስረክባል። የመርከብ ድርጅቱ ውስጡን አላየም፤ ሰነዱ ላይም «በላኪው የተጫነና የተቆጠረ» የሚል ሐረግ ያሰፍራል። ስለዚህ «200 ካርቶን» የሚለው ጽሑፍ አቅራቢው የተናገረው እንጂ መርከቡ ያረጋገጠው አይደለም። ንጹሕ ቢል ኦፍ ሌዲንግ የሚያሳየው ዕቃውን ወይም ማሸጊያውን የሚመለከት የጉድለት ማስታወሻ አለመጻፉን ብቻ ነው።

ለዚህ ነው በኤልሲው 46A በሚባለው መስመር፣ የሚቀርቡ ሰነዶች በሚዘረዘሩበት ቦታ፣ ከገለልተኛ መርማሪ ድርጅት የሚሰጥ የምርመራ ሰርተፍኬት እንድታስገቡ የምንመክራችሁ። አጻጻፉ ላይ ጠንቀቅ በሉ። «የምርመራ ሰርተፍኬት» ብቻ ብላችሁ ካስጻፋችሁ አቅራቢው ራሱ የፈረመውን ወረቀት ሊያቀርብ ይችላል፣ ባንኩም ይቀበለዋል። የሚሰጠው ድርጅት በስሙ ይጻፍ። ከዚያ ሰርተፍኬቱ ምን እንደሚመሰክር ይዘርዘር፦ ለምሳሌ መርማሪው 20 ካርቶን በራሱ ምርጫ ከፍቶ ሞዴሉንና የቱቦውን ስፋት እንዳየ፣ ከእነዚያም የተወሰኑትን አስነስቶ እንደሞከረ፣ ጠቅላላ ቁጥሩም 200 እንደሆነ። በመጨረሻም፣ ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ነው፣ መርማሪው ዕቃው ሲጫን በቦታው እንደነበረና የኮንቴይነሩን ቁጥርና የማሸጊያውን ቁጥር እንደመዘገበ ይጻፍበት። ፋብሪካ ውስጥ የተመረመረው ጥሩ ፓምፕ ሌላ፣ ማታ የተጫነው ሌላ ሊሆን ይችላል። ሰርተፍኬቱ ላይ ያሉት ቁጥሮች ቢል ኦፍ ሌዲንጉ ላይ ካሉት ጋር አንድ ከሆኑ፣ ዕቃው ሞጆ ሲደርስም ማሸጊያው ያው ከሆነ፣ የታየው ዕቃ ራሱ እንደመጣ ጥሩ ማስረጃ አላችሁ።

የምርመራውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ኤልሲው ከመከፈቱ በፊት ከአቅራቢው ጋር ተስማሙ። ሰርተፍኬቱን የእናንተ ወኪል ይፈርም ብላችሁ ግን አትጠይቁ፤ ክፍያው በእናንተ ፈቃድ ላይ ስለሚንጠለጠል ጠንቃቃ አቅራቢ አይቀበለውም። የሰርተፍኬቱ ቅጂ በኢሜይል እንደደረሳችሁም ቁጥሩን ለመርማሪው ድርጅት ልካችሁ አረጋግጡ። ወረቀቱ የተጭበረበረ ቢሆን ባንኩ በዚያው ደንብ አንቀጽ 34 መሠረት ተጠያቂ አይደለም። ማጭበርበር ካገኛችሁም ማስረጃውን ይዛችሁ ለባንኩ በጽሑፍ ወዲያው አሳውቁ፤ ጥርጣሬ ብቻውን ክፍያ አያስቆምምና።

ስለ ቀን አንድ ነገር እንጨምር። ኤልሲ ላይ የሚጻፈው የአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። «መስከረም 10» ለማለት «ሴፕቴምበር 10» የተባለበት ኤልሲ አቅራቢውን አሥር ቀን ያሳጥረዋል፤ መስከረም 10 ሴፕቴምበር 20 ነውና (ከጳጉሜን 6 በኋላ ደግሞ 21)። የመጨረሻው የጭነት ቀን ሴፕቴምበር 20 ቢሆንና ሰነድ ማቅረቢያው ከጭነት በኋላ 21 ቀን ቢሆን፣ ኤልሲው ቢያንስ እስከ ኦክቶበር 11 መቆየት አለበት። ኦክቶበር 5 ላይ የሚያበቃ ከሆነ 21 ቀኑ ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል፣ አቅራቢው ቢዘገይም ስህተቱ ከእኛ ዘንድ የመጣ ነው።

ሰነዱ ባንካችሁ ከደረሰ በኋላ ባንኩ ለመመርመር ቢበዛ አምስት የባንክ የሥራ ቀናት አሉት። ልዩነት ካገኘ ደውሎ «ዲስክሬፓንሲ አለ፣ ትቀበላላችሁ?» ሊላችሁ ይችላል። እባካችሁ በዚያው ሰዓት አትፈርሙ። የልዩነቶቹን ዝርዝር በጽሑፍ ጠይቁ፣ ሰነዶቹን ራሳችሁ አንብቡ። የአድራሻ ፊደል ቢሳሳት፣ ሌላው ሁሉ ትክክል ከሆነ፣ መቀበል ይቻላል። ኢንቮይሱ 3 ኢንች በሚለው ፈንታ 2 ኢንች ካለ ግን የተላከው ሌላ ፓምፕ ሊሆን ይችላል። የምርመራ ሰርተፍኬቱ ጠፍቶ «ግድ የለም» ብላችሁ ከፈረማችሁ ደግሞ ዓይናችሁን ራሳችሁ ሸፈናችሁት። ስለ ዋጋ ቅናሽ ከአቅራቢው ጋር መነጋገር የሚቻለውም ከመፈረማችሁ በፊት ነው፣ ከፈረማችሁ በኋላ ባንኩ ይከፍላል። ኮንቴይነሩ ሞጆ ደርሶ የማከማቻ ሒሳብ ሲቆጥር መቸኮል እንደሚመጣ እናውቃለን፤ ሆኖም የጥቂት ቀን ማከማቻንና የ30,000 ዶላርን ዕቃ አመዛዝኑ።

ኤልሲ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ለማሻሻል ባንኩም አቅራቢውም መስማማት አለባቸው፣ ለእያንዳንዱ ማሻሻያም ክፍያ አለው። ስለዚህ የማመልከቻውን ረቂቅ ከፕሮፎርማው ጋር አድርጋችሁ ለባንኩ ከማስገባታችሁ በፊት ወደ ቢሯችን አምጡልን፤ ቀኖቹንና 46A ላይ ያለውን ዝርዝር መስመር በመስመር አብረን እናነባለን።

ከአክብሮት ጋር