ደብዳቤ ለልጄ፦ ያኔ ለአያቶችሽ የጻፍኩት

የኔ ልጅ፣

እሁድ ዕለት ስራ ልትለቂ እንደሆነ ስትነግሪን ዝም ያልኩት ተከፍቼ አይደለም። ደንግጬ ነው። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ተነስቼ የአያትሽን የወረቀት ሳጥን ከፈትኩ። ሚያዝያ 2009 ለእሳቸውና ለእማማ የጻፍኩት ደብዳቤ እዚያው አለ። ያኔ አንቺ ገና ተማሪ ነበርሽ። ለምን ከሂሳብ ሰራተኝነት ወጥቼ ዩኒፎርም መስፋት እንደጀመርኩ በደንብ ነግሬሽ አላውቅም። ስለዚህ ዋናውን ክፍል ገልብጬልሻለሁ።

«የተከበራችሁ አባባና እማማ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

አባባ፣ በስልክ 'የወር ደመወዝ የሚጣል ነገር ነው ወይ?' ብለው የተቆጡኝን እያሰብኩ ነው የምጽፈው። እርስዎ 34 ዓመት አስተምረው፣ ጡረታዎን ይዘው ደብረ ብርሃን የተቀመጡት በዚያ ደመወዝ ነው። እኛንም ያሳደጉን በእሱ ነው። ስለዚህ ስሜት ላይ ሆኜ ሳይሆን ቆጥሬ እንደወሰንኩ ላሳይዎት።

ስፌቱን ዛሬ አልጀመርኩትም። በ2007 ክረምት ማታ ማታ 40 ሙሉ ልብስ ሰፋሁ። በ2008 ክረምት 120 ሆነ። ባለፈው ዓመት ሁለት ትምህርት ቤቶች 'ቀን መጥተሽ ልጆቹን ለኪ' ብለውኝ ከቢሮ መውጣት ስላልቻልኩ ቀረብኝ። ዩኒፎርም የሚለካው ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳሉ፣ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ ነው። ጨርቅ በሰኔ ይገዛል፣ በሐምሌና በነሐሴ ይሰፋል፣ ለመስከረም ይደርሳል። ያ ካለፈ ዓመቱ አለፈ ማለት ነው። አሁን የምለቀው ለዚህ ነው። ሕጉ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ስጪ ስለሚል ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ደብዳቤ አስገብቼ ግንቦት መጨረሻ ላይ እወጣለሁ።

ዘንድሮ አንድ ትምህርት ቤት 300 ሙሉ ልብስ፣ አንዱን በ330 ብር ሊያሰራኝ ተስማምቷል። የአንዱ ወጪ ለጨርቅ 150፣ ለዚፕ፣ ለቁልፍና ለክር 15፣ ለሰፊ 60፣ ለትራንስፖርትና ለማሸጊያ 10፣ በድምሩ 235 ብር ነው። ከአንዱ 95 ብር ይተርፋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሂሳቡን ያቆማል። እኔን ያሳሰበኝ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

የ300 ልብስ ወጪ 70,500 ብር ነው። መርካቶ ጨርቅ የሚሸጡልኝ በጥሬ ገንዘብ ነው፤ ሰፊዎቹም በየሳምንቱ ይከፈላቸዋል። ትምህርት ቤቱ ግን ቅድሚያ የሚሰጠኝ 30 በመቶ፣ ማለትም 29,700 ብር ብቻ ነው። ቀሪውን ከወላጆች ሰብስቦ በጥቅምት ይከፍላል። እስከዚያ 40,800 ብር ከኪሴ መውጣት አለበት። በዚያ ላይ የ5 ወር የስፌት ቤት ኪራይ፣ በወር 3,000፣ ሲጨመር 55,800 ይሆናል። ትርፍ እያለ የሚዘጋ ስፌት ቤት የሚዘጋው በዚህ ክፍተት ነው፤ ጎረቤት ሲዘጋ አይቻለሁ።

ገንዘቡን አዘጋጅቻለሁ። ዕቁባችን 20 ሰው፣ በወር 2,000 ብር ነው። ዕጣው ቶሎ ወጥቶልኝ ነበር፤ ግን ተራዬን ለአንድ ጓደኛዬ ለቀቅኩላት። ቀድሜ ብበላ ደመወዝ ከቀረ በኋላም በየወሩ 2,000 እከፍል ነበር። አሁን 40,000ውን በመጨረሻው ዙር፣ ከመልቀቄ በፊት እቀበላለሁ፤ ምንም ዕዳ አይኖርብኝም። ባንክ ያለኝ 35,000 ነው። ከ75,000ው 55,800 ለስራው ሲወጣ የቀረው፣ በወር 4,000 እየሆነ፣ የእኔን የቤት ድርሻ ወደ 5 ወር ይሸፍናል።

የስንብት ክፍያም አለኝ። 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ ሰው በፈቃዱ ቢለቅም ያገኛል፤ በስልጠና ምክንያት የማገልገል ግዴታ ከሌለበት ነው። እኔ የለብኝም፤ ውሌን አውጥቼ አንብቤዋለሁ። ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ ይታሰባል። በ9,000 ብር ደመወዝ ለ9 ዓመት፣ ግብር ሳይቀነስ፣ 33,000 ይመጣል። ይህን በእቅዱ ውስጥ አልቆጠርኩትም። ቢዘገይም እንዳይጎዳኝ ብዬ ነው።

ጡረታውን በተመለከተ ልክ ነዎት፤ የሚያጽናና መልስ የለኝም። ከእኔ 7 በመቶ፣ ከቀጣሪዬ 11 በመቶ ይገባ የነበረው ይቆማል። ያንን 18 በመቶ ራሴ በየወሩ በሌላ ደብተር ማስቀመጥ ይኖርብኛል። ከጥቅምት ጀምሮ አደርገዋለሁ።

የማቆሚያ ቀንም አለኝ። ከጥቅምት በኋላ ዩኒፎርም የሚያሰራ የለም። እስከ ጥር መጨረሻ ጋዋንና ቱታ የሚያሰሩኝ ሁለት ቋሚ ደንበኞች ካላገኘሁና ገንዘቤ ከ20,000 በታች ከወረደ የስፌት መኪናዎቹን ሸጬ ስራ እፈልጋለሁ። ይህን ለባለቤቴም በጽሑፍ ሰጥቼዋለሁ።»

ደብዳቤው ከዚህ በኋላ ሰላምታ ነው። አባባ መልስ የጻፉት በአንድ መስመር ነበር፦ «ትምህርት ቤቱ በጥቅምት ባይከፍልሽስ?»

በጥቅምት አልከፈለም። ወላጆች ዘግይተው ስለከፈሉ ገንዘቤን ያገኘሁት ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። በዚያ ላይ ለአንድ ክፍል የሰፋሁት በባለፈው ዓመት ልኬት ነበር። ልጆቹ በክረምት አድገው ሱሪው አጠራቸው፤ 22 ሱሪ በራሴ ወጪ እንደገና ሰፋሁ። ከዚያ ወዲህ ራሴ ካልለካሁ ጨርቅ አላስቆርጥም። ለእግርም ወደ ውስጥ የሚታጠፍ 4 ሴንቲ ሜትር እተዋለሁ፤ ልጁ ሲያድግ ይፈታል። ያን ጊዜ ያዳነኝ የስንብት ክፍያው ነው። ባልቆጠርኩት ገንዘብ ሁለት ወር ኖርኩ። ጋዋን የሚያሰራ የመጀመሪያ ደንበኛዬን ያገኘሁት በታኅሣሥ፣ ሁለተኛውን በጥር 20 ነው። የማቆሚያ ቀኔ ሊደርስ 10 ቀን ቀርቶት ነበር።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። አትልቀቂ አልልሽም። ግን ቅጥርሽ 5 ዓመት ሊሞላው 4 ወር ቀርቶታል። አሁን ያለው የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011ም ያንን የ5 ዓመት መስመር እንዳለ ይዞታል። ዛሬ ብትለቂ የስንብት ክፍያ የለሽም። 4 ወር ብትቆዪ ከሁለት ወር ደመወዝ በላይ ታገኛለሽ። ውልሽንም አውጪና ባለፈው ዓመት የላኩሽ ስልጠና ግዴታ አለበት ወይ፣ እዪ።

ሌላው፣ እሁድ ያሳየሽን ወረቀት ላይ ትርፉን አይቻለሁ፤ ጥሩ ነው። ደንበኞችሽ በስንት ቀን እንደሚከፍሉ ግን አልጻፍሽም። አባትሽም አስተውሎታል። እስከ ቅዳሜ ጽፈሽ ላኪልኝ፦ ዕቃ አቅራቢው ገንዘቡን በስንት ቀን ይፈልጋል፣ ደንበኛው በስንት ቀን ይከፍላል፣ መሃል ባለው ጊዜ ምን ትበያለሽ? ደንበኛው አንድ ወር ቢዘገይስ?

እናትሽ